ራውተሩ ከቀን ወደ ቀን ሲንቀራፈፍ፦ ሙቀት ነው ወይስ ሜሞሪ?

ጥያቄ፦ «ራውተሬ 64 ሜጋባይት ራም ያለው አሮጌ ነው፤ ወንድሜ OpenWrt የሚባል ሌላ ሲስተም ጭኖበታል። ቤት ውስጥ 11 ስልክና ላፕቶፕ ይጠቀሙበታል። በፊት ደህና ነበር። መብራት ሲጠፋ እንዳይቋረጥብን ሚኒ ዩፒኤስ ከገዛንለት ወዲህ ግን በአራት በአምስት ቀኑ እየተንቀራፈፈ ይሄድና በመጨረሻ ገጽ መክፈት ያቅተዋል። ስነካው ይሞቃል። ነቅዬ ስሰካው ወዲያው ይስተካከላል። በየሌሊቱ ራሱን ሪስታርት እንዲያደርግ ባደርገው ይፈታል? ወይስ ሙቀቱ እያበላሸው ነው?»

መልስ፦

ችግሩ ከዩፒኤሱ ወዲህ መጣ ማለትዎ ትልቅ ፍንጭ ነው። ዩፒኤሱ ራውተሩን አላበላሸውም፤ ምናልባት ድሮም የነበረውን ችግር ነው የገለጠው። በፊት መብራት በሄደ ቁጥር ራውተሩ ይጠፋና ሲመለስ አዲስ ሆኖ ይነሳ ነበር። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ሳይታወቅ ሪስታርት ይደረግ ነበር ማለት ነው። አሁን ባትሪው ስለያዘው ያ ዕድል ቀረ፤ ለአምስት ቀን ሳይጠፋ ሲሠራ ምናልባት የመጀመሪያው ነው።

ሪስታርቱን በፕሮግራም ከማስገባትዎ በፊት ሙቀቱንና ሜሞሪውን መለየት አለብዎት፤ መድኃኒታቸው አንድ አይደለም። መለያው ቀላል ነው፦ ሙቀት በሰዓት ይሄዳል፣ ሜሞሪ በቀን።

ሙቀት በቀናት ውስጥ ቀስ በቀስ የሚጠራቀም ነገር አይደለም። ራውተርዎ 300 ግራም ያህል ቢመዝንና 6 ዋት ያህል ቢበላ፣ ያ ሁሉ ኃይል ወደ ሙቀት ተለውጦ ሳጥኑን ያሞቀዋል፤ ሳጥኑ ግን በሞቀ ቁጥር ወደ ክፍሉ አየር የሚለቀው ሙቀት አብሮ ይጨምራል። የሚገባውና የሚወጣው ሲመጣጠን ይቆማል፤ ለእንዲህ ያለ ትንሽ ሳጥን ይህ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ከዚያ በኋላ ሙቀቱን የሚቀይረው የክፍሉ አየርና የሥራው ብዛት ብቻ ነው። ስለዚህ ሰኞ ደህና የነበረ ራውተር ዓርብ የሚንቀራፈፈው በሙቀት ብቻ ሊሆን አይችልም፤ በሙቀት ቢሆን ኖሮ ሰኞ ከቀትር በኋላም ባስቸገረ፣ ማክሰኞ ሌሊት ደግሞ ማንም ሳይነካው በተሻለው ነበር።

የሙቀት ችግር መልክ ይህ ነው፦ ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ይብሳል፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ሪስታርት ሳይደረግ ይሻላል። ቺፑ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ወይም የዋይፋዩ ማጉያ ሲግናሉን ስለሚያዛባ ስልኩና ራውተሩ ወደ ዝቅተኛ ፍጥነት ይወርዳሉ። አብዛኞቹ የቤት ራውተሮች የተሠሩት እስከ 40 ዲግሪ ለሚደርስ የክፍል ሙቀት ነው። ድሬዳዋ፣ ጋምቤላ ወይም ሰመራ ላሉ አንባቢዎች ይህ ገደብ ከሰዓት በኋላ ሊታለፍ የሚችል ነው። አዲስ አበባ ክፍሉ ይቀዘቅዛል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ግን አየሩ ከባሕር ጠለል አየር በአምስት አንድ ያህል የሳሳ ስለሆነ ሙቀትን የመውሰድ አቅሙም ያንሳል። ራውተሩን ቡፌ ውስጥ ከዲሽ ሪሲቨሩ ላይ አስቀምጦ ዳንቴል ማልበስ ደግሞ የትም ከተማ ያስቸግራል።

የእጅ ፍተሻ እምብዛም አያስተማምንም። ሳጥኑ 45 ዲግሪ ሲደርስ «ይሞቃል» እንላለን፤ ለራውተር ግን የተለመደ ነው። መዳፍዎን አሳርፈው አሥር ሰከንድ መቆየት ካልቻሉ 60 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ያን ጊዜ መጨነቅ ይገባል። ቺፑ የሙቀት መለኪያ ካለው ደግሞ ከላፕቶፕ በ SSH ወደ ራውተሩ ገብተው በዚህ ትእዛዝ ቁጥሩን ማየት ይቻላል፦

```
cat /sys/class/thermal/thermal_zone0/temp
```

መልሱ 68000 ቢሆን 68 ዲግሪ ማለት ነው። ከ70 እስከ 80 ለቺፕ ብዙም አያስጨንቅም። ፋይሉ የለም ካለ ራውተሩ መለኪያ የለውም፤ በአሮጌ ራውተሮች የተለመደ ስለሆነ አይገረሙ።

አሁን ወደ ሜሞሪው። በእርስዎ ሁኔታ እኔ የምጠረጥረው እሱን ነው።

64 ሜጋባይት ራም ያለው ራውተር ላይ የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል የራሱን ድርሻ ከወሰደ በኋላ 57,000 ኪሎባይት ያህል ይቀራል። ከዚያ ላይ ዋይፋዩ፣ የአድራሻ አዳዩ፣ የቁጥጥር ገጹና ሎጉ ይካፈላሉ። ከፕሮግራሞቹ ወይም ከዋይፋይ ድራይቨሩ አንዱ የወሰደውን ሜሞሪ ሥራውን ሲጨርስ የማይመልስ ከሆነ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጎድላል። ላፕቶፕ ላይ ቢሆን በወር የሚጎድለው 100 ሜጋባይት አይታወቅም፤ እዚህ ግን በቀን 4 ሜጋባይት መጉደል በሳምንት ውስጥ ያንበረክካል። ሜሞሪው ሊያልቅ ሲል መጀመሪያ የራውተሩ የራሱ ገጽ ለመከፈት ይዘገያል፣ ቀጥሎ የድረ ገጽ ስም መፈለግ ጊዜ ይወስዳል፣ በመጨረሻም ከርነሉ ራሱን ለማትረፍ ፕሮግራም መግደል ይጀምራል። ዋይፋዩ መብራቱ በርቶ ስልክ አልቀበል ሲል ብዙ ጊዜ እዚህ ደረጃ ላይ ደርሷል።

ከመጉደል ሌላ የኮኔክሽን መዝገብ መሙላትም አለ። ራውተሩ የሚያልፉበትን ኮኔክሽኖች በሙሉ በአንድ መዝገብ ይይዛል፤ መዝገቡ ደግሞ ገደብ አለው። አንድ ሰው ቶረንት ሲያወርድ ብቻውን ሺህ ያህል ሊከፍት ይችላል። መዝገቡ ሲሞላ የተጀመረ የቪዲዮ ጥሪ ወይም ዩቲዩብ እንደነበረ ይቀጥላል፣ አዲስ ገጽ ግን አይከፈትም። ይህን ምልክት ካዩ መጀመሪያ መዝገቡን ይጠርጥሩ። ሎጉ ላይም table full, dropping packet የሚል መልእክት ይተዋል።

መለካት የሚገባው ራውተሩ ደህና በሆነበት ቀን ጀምሮ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሲንቀራፈፍ ገብቶ አንድ ቁጥር ያያል፣ የሚያነጻጽርበት ስለሌለው ምንም አይነግረውም። OpenWrt ስለሆነ ራውተሩ ራሱ እንዲመዘግብ ማድረግ ይችላሉ። በመጀመሪያ በቁጥጥር ገጹ System ውስጥ የሰዓት ክልሉን Africa/Addis Ababa ያድርጉት፤ ካልነኩት ሰዓቱ ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ከዚያ ትእዛዞች በተወሰነ ሰዓት የሚነሱበትን ዝርዝር ለመክፈት crontab -e ብለው ይህን መስመር ያስገቡ፦

```
0 6,15,21 * * * (date; free | grep Mem; cat /proc/sys/net/netfilter/nf_conntrack_count) >> /root/m.txt
```

መስመሩን ካስገቡ በኋላ /etc/init.d/cron restart ይበሉ። 6፣ 15 እና 21 ማለት በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12፣ ከቀኑ 9 እና ከምሽቱ 3 ሰዓት ናቸው። ፋይሉን /root ውስጥ ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው፤ /tmp ያለው ራም ላይ ስለሆነ ሪስታርት ሲደረግ አብሮ ይጠፋል፣ የምንለካውን ሜሞሪም ራሱ ይበላል።

ከምዝገባው የሚያዩት Mem በሚለው መስመር መጨረሻ ላይ ያለውን available የሚባለውን ቁጥር ነው፤ ከሥሩ ለብቻው ያለው የኮኔክሽኖቹ ብዛት ነው። free የሚለው አያስደንግጥዎ፤ ሊኑክስ ባዶ ሜሞሪን ለፋይል መሸጎጫ ይጠቀምበታል፣ ሲያስፈልግም ይለቀዋል። የሚያነጻጽሩትም የጠዋቶቹን ቁጥሮች እርስ በርሳቸው ነው፤ ሁሉም ተኝቶ ስለሚነጋ የቤተሰቡ አጠቃቀም አያምታታዎትም።

እንዲህ ያለ ነገር ወጣ እንበል፦ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት 22,100 ኪሎባይት፣ በሁለተኛው 18,400፣ በሦስተኛው 14,900፣ በአራተኛው 11,000፣ በአምስተኛው 7,300። በአራት ቀን 14,800 ጎድሏል፣ በቀን 3,700 ማለት ነው። በአምስተኛው ቀን ምሽት 11ዱም መሣሪያ ሲከፈት ከቀረው 7,300 ላይ ሌላ ሁለት ሦስት ሺህ ይሄዳል። ያለ ጭንቀት ለመሥራት አምስት ሺህ ያህል ስለሚያስፈልገው፣ ራውተሩ ልክ እርስዎ በነገሩን ቀን መንቀራፈፍ ይጀምራል። ይህ የሜሞሪ መጉደል ነው፤ ሙቀቱን ሊተዉት ይችላሉ።

ጠዋት ጠዋት ቁጥሩ 20,000 አካባቢ ከቆመና ከሰዓት በኋላ ብቻ ከተንቀራፈፈ ግን ሙቀት ነው። በሁሉም ሰዓት ሜሞሪው ደህና ሆኖ ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ብቻ ከሆነ የሚዘገየው፣ መስመሩ ላይ ሰው በዝቷል፤ ራውተሩን ይተዉት።

የሜሞሪ መጉደል የሚመስል ሌላ አሳሳች ነገርም አለ። ራውተሩ ሲነሳ የዋይፋይ ቻናሉን በራሱ እንዲመርጥ የተደረገ ከሆነ፣ ሪስታርት ባደረጉት ቁጥር ጎረቤት ያልያዘውን ቻናል ይፈልጋል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሪስታርት «ያዳነው» ብዙ ራውተር በእርግጥ የዳነው በቻናል ለውጥ ነው። ስለዚህ ሲንቀራፈፍ ከመንቀልዎ በፊት አንድ ላፕቶፕ በኬብል ያገናኙና ይሞክሩ። በኬብል ፈጣን ከሆነ ችግሩ ዋይፋዩ ላይ ነው፤ ከ1፣ ከ6 ወይም ከ11 የሚሻለውን መርጠው ያስቀምጡለት።

መንቀልና መሰካትም ራሱ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ስለሚያደርግ ምርመራ አይሆንም፤ ሜሞሪውን ያጸዳል፣ ጥቂት ደቂቃ ከጠፋም ሳጥኑን ያቀዘቅዛል። ለመለየት በሚቀጥለው ጊዜ ሳይነቅሉ reboot የሚል ትእዛዝ ብቻ ይስጡት። በአንድ ደቂቃ ተኩል ውስጥ ተመልሶ ይነሳል፣ አልቀዘቀዘም ማለት ነው። እንደሞቀ ተነስቶ ፈጣን ከሆነ ጥፋተኛው ሙቀቱ አልነበረም። ተቃራኒውም ይሠራል፦ ሪስታርት ሳያደርጉ ትንሽ ማራገቢያ ለ30 ደቂቃ ያዙሩበት፤ በዚያ ብቻ ከተሻለው ሙቀት ነው።

መጉደሉ ከተረጋገጠ ሪስታርት ከማድረግ በፊት ማን እየበላ እንደሆነ ማየት ተገቢ ነው። በመጀመሪያውና በአራተኛው ቀን ይህን ይመልከቱ፦

```
top -b -n 1 | head -n 20
df -h /tmp
```

አንድ ፕሮግራም በአራት ቀን ውስጥ በብዙ ካደገ፣ ለምሳሌ የቁጥጥር ገጹ አገልጋይ uhttpd ከሆነ፣ እሱን ብቻ /etc/init.d/uhttpd restart ማለት ይበቃል፤ ቤተሰቡ ምንም ሳይቋረጥበት ሜሞሪው ይመለሳል። /tmp ካበጠ ደግሞ የሆነ ፕሮግራም እዚያ ፋይል እየከመረ ነው። ማንም ሳያድግ የሚጎድል ከሆነ ጉዳዩ ከርነሉ ወይም የዋይፋይ ድራይቨሩ ውስጥ ነው፤ ከውጭ የሚደረግለት ነገር ስለሌለ አዲስ ፈርምዌር ወይም ሪስታርት ብቻ ይቀራል። የማትጠቀሙበት የእንግዳ ዋይፋይ ወይም የፍጆታ ቆጣሪ ካለ ያጥፉት፤ በዚህ መጠን ላይ ሁለት ሜጋባይት ብዙ ነው።

በየሌሊቱ ሪስታርት ማድረግ ግን አያስፈልግም። ከላይ ባለው ስሌት ራውተሩ አራት ቀን በደህና ይቆያል፣ ስለዚህ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይበቃል። ማክሰኞና ቅዳሜ ሌሊት ብናደርገው ረጅሙ ክፍተት አራት ቀን ይሆናል፤ ሁሉም ቤት የሚውልበት እሑድም ራውተሩ ገና ሁለተኛ ቀኑ ላይ ሆኖ ያገኘዋል። መስመሩ ይህ ነው፦

```
30 4 * * 2,6 sleep 70 && touch /etc/banner && reboot
```

04:30 ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ነው። sleep እና touch የሚሉትን አላስፈላጊ መስሏቸው የሚያወጧቸው አሉ፣ ከዚያ ራውተሩ መላልሶ እየጠፋ ሲነሳ ይደነግጣሉ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ አብዛኛው ራውተር ሲጠፋ ሰዓት የሚይዝለት ባትሪ የለውም። OpenWrt ሲነሳ /etc ውስጥ ካሉ ፋይሎች መጨረሻ የተነካው ላይ ያለውን ሰዓት ወስዶ ይጀምራል፣ ትክክለኛውን ከኢንተርኔት የሚያገኘው በኋላ ነው። ፋይሉ ልክ ሲጠፋ ካልተነካ ሰዓቱ ወደ ኋላ ሊመለስና 04:30ን እንደገና ሊያገኘው ይችላል፤ ያን ጊዜ ዳግመኛ ሪስታርት ያደርጋል። 70 ሰከንድ ጠብቆ ፋይሉን መንካቱ ሲነሳ ሰዓቱ ከ04:31 በኋላ እንዲሆን ያደርገዋል።

OpenWrt የሌላቸው አንባቢዎች ራውተራቸው ገጽ ላይ Reboot Schedule የሚል ካለ እሱን ይጠቀሙ፤ የሰዓት ክልሉን መጀመሪያ ያስተካክሉ፣ አለዚያ ሌሊት ያሉት ጠዋት ሥራ ሰዓት ላይ ይመጣል። ይህ ከሌለ የግድግዳ ሶኬት ላይ የሚሰካ ሰዓት ቆጣሪ አለ፤ ግን ሚኒ ዩፒኤስ ካለ ቆጣሪው ከዩፒኤሱ በፊት ሆኖ ምንም አይፈይድም፣ ባትሪው ራውተሩን ይይዘዋል። ኃይል በድንገት መቁረጥ ሌላም ችግር አለው፦ በስምና በይለፍ ቃል የሚገናኝ መስመር ከሆነ ራውተሩ «ወጥቻለሁ» ሳይል ስለሚጠፋ፣ በአቅራቢው በኩል የድሮው ግንኙነት ለጥቂት ደቂቃ እንደተከፈተ ይቆይና አዲሱን አልቀበልም ሊል ይችላል። በትእዛዝ የሚደረግ ሪስታርት ግን ተሰናብቶ ይወጣል። በስልክ ሽቦ የሚመጣ ኢንተርኔት ላይ ደግሞ ቀን ላይ ደጋግሞ መንቀልና መሰካት አይመከርም፤ አንዳንድ የአቅራቢ ሲስተም መስመሩ የታመመ መስሎት ፍጥነቱን ዝቅ ያደርገዋል።

ችግሩ ሙቀት ሆኖ ከተገኘ ሪስታርት ምንም አይሠራም። ሳጥኑ ተመልሶ ለመሞቅ አንድ ሰዓት ይበቃዋል፣ እርስዎም በቀን አራት ጊዜ ሪስታርት ሲያደርጉ ይገኛሉ። ያኔ መፍትሔው ቦታ ነው። እንደ ብዙ ቤት ሚኒ ዩፒኤሱ ራውተሩ ሥር ተደርጎ ከሆነ ዛሬውኑ ያውጡት፤ መብራት ከተመለሰ በኋላ ባትሪው ሲሞላ ራሱ ይሞቃል፣ ያ ሙቀት በቀጥታ ወደ ራውተሩ ሆድ ይወጣል፣ ባትሪውም በራውተሩ ሙቀት ያረጃል። ራውተሩን ግድግዳ ላይ በጎኑ ያቁሙት፣ ወይም አራት የጠርሙስ ክዳን ከሥሩ አድርገው ከጠረጴዛው ከፍ ያድርጉት፤ ቀዳዳዎቹ ብዙ ጊዜ ሥሩ ላይ ስለሆኑ ይህች ብቻ ልዩነት ታመጣለች። ካልበቃ ባለ 5 ቮልት ትንሽ ማራገቢያ በስልክ ቻርጀር ያስነሱ። እርጥብ ጨርቅ መጣል ወይም ፍሪጅ ላይ ማስቀመጥ ግን አይሞክሩ።

አንድ ነገር ደግሞ ከሁለቱም ውጭ ነው። uptime ብለው ሲያዩ ራውተሩ እርስዎ ሳያዙት ከጥቂት ሰዓት በፊት ተነስቶ ካገኙት፣ ሜሞሪም ሙቀትም ከማለትዎ በፊት ኃይሉን ይፈትሹ። ራውተሩ 12 ቮልት ፈልጎ ርካሽ ዩፒኤስ ባትሪው ሲደክም ከ11 በታች ከሰጠው፣ ዋይፋዩ ሥራ ሲበዛበት ይወድቃል። ዩፒኤሱን ለአንድ ሳምንት አውጥተው በራሱ አዳፕተር ያሠሩት። አዳፕተሩም ያረጀ ከሆነ በሌላ ተመሳሳይ ቮልትና ቢያንስ ተመሳሳይ አምፔር ባለው ይሞክሩ፤ ሙቀት ላይ የኖረ አዳፕተር ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ቀድመው ይደርቃሉ፣ በየ10 ዲግሪው ጭማሪ ዕድሜያቸው በግማሽ ይቀንሳል።

ሪስታርቱን ካስገቡ በኋላ ምዝገባውን ለሌላ ሁለት ሳምንት አይንኩት። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሪስታርት ከተደረገ በኋላ፣ ቁጥሩ በየሳምንቱ ወደ 22,000 አካባቢ ከተመለሰ በቂ ነው፣ የምዝገባውን መስመር ብቻ ከ crontab አውጥተው ፋይሉን ያጥፉት። አራት ቀን ይቆይ የነበረው ወደ ሁለት ቀን ከወረደ ግን ሪስታርቱን ከማብዛት ይልቅ ምን እንደተጨመረ ይጠይቁ፤ አዲስ ስልክ፣ ቶረንት፣ ወይም አዲስ የ OpenWrt ስሪት ሊሆን ይችላል። አዘጋጆቹ ራሳቸው 64 ሜጋባይት ለአዲሶቹ ስሪቶች እንደማይበቃ ያስጠነቅቃሉ፤ ስለዚህ ቀጥሎ ሲገዙ ሳጥኑ ላይ ከአንቴናው ብዛት በፊት የሚያዩት ራሙ ቢያንስ 128፣ ቢቻል 256 ሜጋባይት መሆኑን ነው።